የጾም ቀን መድኃኒት

ክረምት ሲገባ የምሠራበት ክፍል ራሱ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ መስኮቱ ሲታጠብ ይውላል፤ አውሮፕላኖቹ አይታዩም፣ ድምፃቸው ብቻ በደመናው ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጠዋት ከቦሌ አራብሳ በአውቶቡስ ስመጣ ራሴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ የጀመርኩትን ሕልም፣ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ገልጬ ነው የምጨርሰው። ይህን ስል ሥራዬን አልሠራም ማለቴ አይደለም።

ሥራዬ ወረቀት መተርጎም ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የትምህርት ማስረጃ፤ ከአገር የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እኛ ጋ ይመጣል፣ ከዚያ ኤምባሲ ይሰለፋል። አንድ ነገር ልናገር፤ ሰው የሚወደው ትርጉሙን ሳይሆን ማህተሙን ነው። ሦስት ገጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ተርጉሜ ሳስረክብ ማንም አያነብልኝም። ገልበጥ አድርገው ሰማያዊውን ክብ ያዩና «በቃ፣ አለቀ» ይላሉ። በዚህ እናደድ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ስለዚህ የራሴን ሥርዓት አበጀሁ። ማህተሙን ከማሳረፌ በፊት የተረጎምኩትን ለባለጉዳዩ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሰው ያላነበበውን ሲነበብለት ይሰማል፤ «ቆይ፣ የአባቴ ስም እንዲያ አይደለም» የሚለው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ የሙሽሪትን ስም ከምስክሯ ስም አቀያይሬ ምስክሯን ልድራት ስል ያዳነኝ ይኸው ልማድ ነው።

ያን ቀን ጠዋት፣ ፍልሰታ ገብቶ የመጀመሪያው ሱባኤ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሰውዬ እናቱን ደግፎ ገባ። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ በኋላ እንደነገረኝ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ቤታቸውም ሲኤምሲ ነው። እናቱ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አሮጊት ናቸው። ፍልሰታ ስለሆነ እንዲህ መከናነባቸው አላስገረመኝም፤ በዚያ ሰሞን ግማሽ ከተማው ነጠላ ለብሶ ነው የሚሄደው። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉና ዝናቡን ማየት ጀመሩ። ሰላምታዬን በራሳቸው ነቅነቅ አድርገው መለሱልኝ።

አብሯቸው ሽታ ገባ። ዳማከሴ ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ውኃው ሲወጣ የሚሸተው፣ ያ አረንጓዴ ሽታ። እኔ ያደግሁት ምች በሚባል ሕመም በሚታመን ቤት ነው፤ ፀሐይ መትቶኝ ከንፈሬ ሲቆስል እናቴ ከአጥር ሥር ቅጠሉን ቀጥፋ፣ አሽታ፣ ግማሹን እንዳሸትተው ትሰጠኛለች፣ ግማሹን ከንፈሬ ላይ ትቀባኛለች። ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም። ጋቢ ውስጥ ሆኜ የእሷን የእግር ኮቴ እየሰማሁ መተኛት ነው ሥራዬ። እውነቱን ለመናገር ምች ይመታኝ ዘንድ ፀሐይ ላይ የቆምኩበት ጊዜም አለ። ሰውዬው እየተናገረ ሳለ እኔ እዚያ ጋቢ ውስጥ ገብቼ ነበር።

«እህቴ፣ እየሰማሽኝ ነው?» አለ።

«እየሰማሁ ነው፣ ወንድሜ።»

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ትንሽ የመድኃኒት ካርቶን አስቀመጠ። ከውስጡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ተጣጥፎ ተጣጥፎ የቀጠነ ወረቀት አወጣ። «ይህን ወደ አማርኛ ገልብጪልኝ። ማህተምም ይኑረው።»

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚቀርበው?»

«ለቤታችን ነው» አለ። ሳቄን ዋጥኩ። እሱ ግን አልቀለደም። እናቱ ማህተም ያላዩበትን ወረቀት አያምኑም፤ ቤት ውስጥ የምታግዛቸው ልጅም አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው። ፍሪጁ ላይ ለጥፎት ሁሉም እንዲያየው ነው ሐሳቡ። ስለ እውነቱ ከዚህ የሚሻል ምክንያት ይዞ የመጣ ደንበኛ አላስታውስም።

የመድኃኒቱን ነገር ካርቶኑን እያገላበጠ ነገረኝ። እናቱ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም አለባቸው፤ ጣቶቻቸው አብጠው፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ቡጢ ተጨብጠው ነበር የሚነሡት። ሚያዝያ ላይ ሆስፒታል ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ተጀመረላቸው። እየቆየ እጃቸው ተፈታ፤ ሰኔ ሲያልቅ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ራሳቸው መቆለፍ ቻሉ። ጾሙ ሊገባ ሲል የሁለት ወር ገዝቶ አስቀምጦ ነበር፤ አሁን ሲያይ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«ወይ ጎድሎ ሰጥተውኛል፣ ወይ እሷ የሆነ ቦታ ጥላዋለች» አለ። «ፋርማሲ ሁሉ ዞርኩ፣ ጠፍቷል። ደግነቱ ዘመዳችን ከውጭ ስትመጣ ይህን ይዛልን ደረሰች።»

ይህን ሲል እናቱ ከመስኮቱ አልዞሩም። እኔም ወረቀቱን ዘርግቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

የመድኃኒት ወረቀት ስተረጉም የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ ቢሆንም ከልደት ማስረጃ የተለየ ነው። የልደት ማስረጃ ያለፈውን ነው የሚናገረው። የመድኃኒት ወረቀት ገና ስለሚመጣው ነው፣ በዚያ ላይ የሚናገረው በትእዛዝ ነው። አወሳሰዱ ላይ ስደርስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀን ይወሰድ። በየቀኑ አይወሰድ። በየቀኑ መውሰድ ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።» እንግሊዝኛው ላይ ይህ በጥቁር ሳጥን ተከቦ ነበር፤ እኔም ሳጥን ሠራሁለት።

ቀጥሎ የጎንዮሽ ጉዳቶች። የተለመዱት፦ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ የአፍ ቁስለት። ዝቅ ብሎ ሌላ ክፍል አለ፦ «የሚከተሉት ከታዩ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ሐኪም ያግኙ።» ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መበለዝ ወይም መድማት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስለት።

እዚህ ላይ ቆምኩ። የአፍ ቁስለት ሁለት ቦታ ተጽፏል። በእኔ ሥራ አንድ ስም ሁለት ቦታ ከተገኘ አንዱ ስህተት ነው። ሰውዬውም ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነብ ነበርና፣ «የተለመዱ የሚለው የቱ ነው? የተለመደ ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም ማለት ነዋ?» አለኝ።

ቃሉን ተርጉሜዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሲጠይቀኝ እንደማላውቅ ገባኝ። በማላውቀው ነገር አዋቂ መምሰል የሚያስጠላኝን ያህል ሌላ ምንም አያስጠላኝም። «እኔ ቋንቋውን እንጂ ሕክምናውን አላውቅም። የምታውቅ ሰው እንጠይቅ» አልኩና ምድር ቤት፣ በሩ ወደ መንገዱ የሆነው ፋርማሲ ደወልኩ። የምትሠራው ፋርማሲስት የምሳ ጓደኛዬ ናት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ስህተት አይደለም» አለች ሁለቱን ቦታ ሳነብላት። «የተለመደ ማለት ብዙ ሰው ላይ ይታያል ማለት ነው እንጂ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሁለቱን አታደባልቁ።»

«ታዲያ የቱ ነው ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው?» አለ ሰውዬው።

«መድኃኒቱን በወሰዱ ማግሥት ትንሽ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ራስ ምታት ካለ፣ ካልበረታ በቀጠሮ ቀን ለሐኪሙ መንገር ይበቃል። ከበረታ ወይም ከቆየ ቀጠሮ አይጠበቅም። አፍ መቁሰል፣ ትኩሳት፣ ጉሮሮ፣ ሳልና ትንፋሽ፣ መድማት፣ እነዚህ ግን በዚያው ቀን ነው። ይህ መድኃኒት በሽታ የሚከላከለውን የደም ክፍል ሊቀንስ ይችላል፤ አፍ ውስጥ ቁስል ሲታይ አንዳንዴ ሌላው ነገር እየመጣ መሆኑን የሚነግረን እሱ ነው።» ከዚያ ደንበኛ መጣባትና ዘጋች።

ዝናቡ ጠንከር ብሎ ነበር። አንድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ ሰማሁት፤ ድምፁ ክፍሉን ሞልቶ ቆየ። የቀረኝን ሁለት መስመር ጽፌ ጨረስኩና እንደ ልማዴ ወረቀቱን አንሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለሰውዬው ሳይሆን ለእናቱ ፊቴን አዞርኩ፤ መድኃኒቱ የእርሳቸው ነውና። በዝግታ ነው ያነበብኩት። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ግራጫ ብርሃን፣ የራሴ ድምፅ ሩቅ ቦታ የሚነበብ ይመስለኝ ነበር።

«በሳምንት አንድ ቀን ብቻ» ስል ዞሩ።

«እሱ የጾም ቀን ነው የሚወሰደው» አሉ። ከመጡ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው። አፋቸው ውስጥ ትኩስ ድንች የያዙ ይመስል ቃሉ ተድበስብሶ ነው የወጣው።

ልጃቸው በትዕግሥት ሳቅ አለ። «ረቡዕ ማለቷ ነው። ሐኪሙ ቀን ምረጡ ሲለን ረቡዕ አለች፣ ጾም ስለሆነ አልረሳውም ብላ። አርብ ደግሞ ሌላ ቪታሚን አላት። እጇ እስኪፈታ እኔ ነበርኩ የምሰጣት፣ አሁን ራሷ ናት የምትወስደው።»

«ረቡዕም አርብም» አሉ እናቱ። «የጾም ቀን። ቅቤና ወተት ያረክሰዋል መሰለኝ፣ ለዚያ ነው ለጾም ቀን ያደረጉት።»

አሁን ይህን ስጽፍ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ያኔ ግን ሐሳቡ በጣም በዝግታ ነው የመጣብኝ። መስኮቱ ላይ አንዲት የዝናብ ጠብታ ስትወርድ አየሁ፤ ሌላዋን አግኝታ አንድ ሆኑ። ፍልሰታ ነው አልኩ በልቤ። ፍልሰታ ላይ የጾም ቀን ያልሆነ ቀን የለም።

«እማማ» አልኩ፣ «ጾሙ ከገባ ወዲህ መድኃኒቱን መቼ መቼ ነው የወሰዱት?»

«በየቀኑ ነዋ፣ ልጄ። ከቅዳሴ መልስ ስፈታ።»

«ስንት ስንት?»

«ያው አራቱን። ያችንም ሌላዋን።»

ሰውዬው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔን ደግሞ ያ ሽታ እንደገና መታኝ። ከገቡ ጀምሮ በልጅነቴ ውስጥ ሲያንሳፍፈኝ የነበረው ሽታ አሁን ከማነበው ወረቀት ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ። ከወንበሬ ተነሥቼ አጠገባቸው በርከክ አልኩ። «እማማ፣ ዳማከሴ የቀቡት የት ነው?»

እንደ ጥፋተኛ ልጅ ነጠላቸውን ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው ዳርና ዳሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጥግ ጥጉ ደም ቋጥሯል። ሲናገሩ ምላሳቸው ነጭና ቀይ ሆኖ ታየኝ። «ምች ነው» አሉ። «ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ያች የዝናብ መሐል ፀሐይ መታችኝ። ያልፋል።»

ደነገጥኩ። እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። እጄን እጃቸው ላይ አደረግሁ፤ ይሞቃል። ስልኩን አንሥቼ ፋርማሲስቷን «አሁኑኑ ወደ ላይ ነይ» ብቻ አልኳት።

ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣችው፤ ነጭ ጋዋኗ ላይ የዝናብ ጠብታ ነበረበት። አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልቀየረችም። የስልኳን መብራት አብርታ አፋቸውን አየች፤ ግንባራቸውን ነካች። ድድ ይደማ እንደሆነ፣ ሳል፣ ትንፋሽ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ ጠየቀቻቸው። «ውኃስ ይጠጣሉ?» አለች።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከዚያም ወዲህ አፌ ያቃጥለኛል፣ ብዙ አይወርድልኝም።»

ፋርማሲስቷ ወደ ልጃቸው ዞረች። «ይህ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ውኃ ካነሰ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ አይወስዱም። አሁን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ትወስዳቸዋለህ፣ የነበሩበት ሆስፒታል ቢሆን ጥሩ ነው። ሲደርሱ መጀመሪያ የምትናገረው፣ የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ ወስዳለች የሚለውን ነው። ደም ይመረምራሉ። ማርከሻ አለው፣ ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው።» ወረቀት ቀደደችና የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መቼ እንደጀመሩና ትናንት መጨረሻ የወሰዱበትን ሰዓት ጻፈችለት። አዲሱን ካርቶን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ይኼኛው ደግሞ አንዱ ፍሬ የድሮው አራቱ ነው። ከዚህ አራት ቢውጡ…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ካርቶኑንም አብራ ሰጠችው።

«እንሂድ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ።

«ከቅዳሴ በኋላ» አሉ።

«ምን ቅዳሴ አለ አሁን?»

«አልሄድም። ሆስፒታል ከገባሁ ያስተኙኛል። ጾሜን ያስገድፉኛል። ይህችን ፍልሰታ እቆርባለሁ ብያለሁ፣ ሳልጨርሳት አልሄድም። ምች ነው አልኳችሁ።» ነጠላቸውን መልሰው ወደ አፍንጫቸው ሳቡት።

አፋቸውን ለምን እንደሸፈኑ ያኔ ገባኝ። ለጾሙ ብለው አልነበረም። ልጄ ካየ ይወስደኛል ብለው ነው። ፋርማሲስቷ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ፣ «እማማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» አለቻቸው። ሰምተዋል፤ ግን ወደ ዝናቡ ዞሩ።

ተናደድኩ። በሰው እናት ላይ መናደድ ነውር ነው፣ ቢሆንም ተናደድኩ። የሚደማ አፍ ይዘው ለመቁረብ ሥርዓቱም እንደማይፈቅድላቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እያወቁ ነው ቀኑን የሚቆጥሩት። ሰው አንዳንዴ የሚወደውን ነገር ይዞ ከገደል አፋፍ ላይ ይተኛል። ደግሞም በልመና የሚነሡ ሰው አልነበሩም። «የንስሐ አባትዎ ስልክ አላቸው?» አልኩ።

ልጃቸው አልጠበቀም፤ ደውሎ ነገራቸውና ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገላቸው። ቄሱ የሚሉት ለእኛ አይሰማም ነበር። አሮጊቷ ብቻ «እሺ አባቴ… ግን እኮ… እሺ አባቴ» ሲሉ ይሰማል። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው ሞላ። መስቀሉ በስልኩ ውስጥ ያለ ይመስል ለመሳለም ጎንበስ አሉ።

«ፈታሁሽ አሉኝ» አሉ ለማናችንም ሳይሆን። «የቀረውን እኔ እጾምልሻለሁ አሉ።» ከዚያ እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ፣ እንዲያነሣቸው።

«አብረሽን ብትመጪ» አለኝ ሰውዬው። ካፖርቴን ይዤ ወጣሁ።

በእሱ መኪና ሄድን። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ዝናቡ ላይ የቀይ መብራቶች ቀለም ተዘርግቶ ሁሉ ነገር ከውኃ በታች የሚሄድ ይመስላል። እናቱ ፋርማሲስቷ የሰጠቻቸውን የውኃ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት እየተጎነጩ፣ በእያንዳንዱ ጉንጭ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሕልም ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ ተሰማኝ፣ ግን የማልወደው ሕልም። ከዚህ በፊት ከሕልም ለመንቃት ቸኩዬ አላውቅም።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ልጃቸው የተባለውን በትክክል ተናገረ፤ የሳምንቱን በየቀኑ ወስዳለች። ይህን ሲሰሙ ነገሩ ፈጠነ። ደም ተቀዳ፣ ግሉኮስ ተንጠለጠለ። ተረኛዋ ሐኪም ውጤቱን አይታ ወደ ኮሪደር አወጣችን። የደማቸው ነጭ ሕዋስ ወርዷል፤ ኩላሊታቸውም ተጎድቷል፣ ግን የሚመለስ ይመስላታል። ማርከሻውን በደም ሥር ጀምራለች። ይተኛሉ። «ዛሬ ባይመጡ ኖሮ» አለች፣ «የሳምንት መጨረሻ ላይ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።» ቀጥላ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ጠየቀችኝ፤ በችኮላ ጨብጬው መምጣቴን ያየሁት ያኔ ነው። ማህተም አልነበረውም። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አንብባ «ይህን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፤ ቀኑን ግን በስሙ ጻፉበት፣ ረቡዕ ብላችሁ» አለች።

ሰውዬው ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ጫማውን እያየ ተቀመጠ።

«እናቴን አታውቂያትም» አለኝ። «እሷ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ገና ስገባ ትጀምረኛለች። ጫማህን፣ አመሸህ፣ ከሳህ፣ ወፈርክ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳምከው? ይህን ሳምንት ዝም አለች። ተከናንባ ቁጭ ትላለች። እኔ…» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጾሙ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ አለኝ። ዝምታዋን ወድጄው ነበር።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ይከብደኛል፤ ያን ዕለት ግን አብሬው አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም።

ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን አስጨነቃቸው። ሰውዬው በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር፤ ደማቸው ወረደ፣ ቆመ፣ ከዚያ መውጣት ጀመረ። ፍልሰታ ተፈትቶ ጥቂት እንደቆየ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ የኮሪደሩ ወለል ላይ ፀሐይ ወድቋል። ልጃቸውን ያገኘሁት ክፍሉ በር ላይ ነው። በአንድ እጁ የምሳ ዕቃ ይዞ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሏል።

ከውስጥ ድምፅ ይመጣል። ገና ሻካራ ነው፣ ግን ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሾርባው ጨው አነሰው፤ ይህ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ የት ጠፋ፤ ያን የቆሸሸ ሸሚዝ ሦስተኛ ቀኑን እየለበሰ ሰው ምን ይለኛል አይልም ወይ፤ ጣቴ እንደገና እያበጠ ነው፣ ሐኪሟን ጥራልኝ ስለው እሺ ብሎ ወጥቶ ቀረ።

«ምነው አትገባም?» አልኩት ቀስ ብዬ።

እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ፊቱ ርሷል።

«ቆይ» አለኝ። «ትናገር።»

እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አብሬው ሰማሁ። ወደ ጫማው ገና አልደረሱም ነበር።